ለአንድ ጫማ ስንት ገጽ? በቀለምና በቁጥር የሚለያዩ ዕቃዎች የገጽ ርዕስ

የገጽ ርዕስ የሚባለው በድረ ገጹ ኮድ ውስጥ `<title>` በሚለው ምልክት የሚጻፈው መስመር ነው። ገጹ ሲከፈት በአሳሹ ጫፍ ላይ ይነበባል፤ ጎግልም አብዛኛውን ጊዜ በፍለጋ ውጤቱ ላይ በጉልህ የሚያሳየው እሱኑ ነው። ዕቃው አንድ ዓይነት ብቻ ሲሆን ርዕስ ማውጣት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ያው ዕቃ በብዙ ቀለምና በብዙ ልክ ሲመጣ ነው።

የወንድ የቆዳ ሞካሲን ጫማ የሚሸጥ አንድ የኢንተርኔት ሱቅ ለምሳሌ ይወሰድ። ጫማው በጥቁር፣ በቡኒና በወይን ጠጅ ቀለም ይመጣል፤ ቁጥሩ ከ39 እስከ 45 ነው። ሦስቱ ቀለም በሰባቱ ቁጥር ሲባዛ 21 ይሆናል። የሱቁ ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ የራሱን ገጽ እንዲከፍት ከተደረገ፣ ርዕሶቹ «የወንድ የቆዳ ሞካሲን ጫማ ጥቁር 41 ቁጥር»፣ «የወንድ የቆዳ ሞካሲን ጫማ ጥቁር 42 ቁጥር» እያሉ ይቀጥላሉ። ፎቶው ያው፣ መግለጫው ያው፣ ዋጋው ያው ነው፤ የሚለየው አንድ አሃዝ ብቻ ነው።

እንዲህ ያሉ መንትያ ገጾች ሲያጋጥሙት ጎግል አንዱን እንደ ዋና ይወስድና ሌሎቹን ከውጤቱ ይተዋቸዋል። ይህ ቅጣት አይደለም። ጉዳቱ ሌላ ነው፦ ምርጫው ከባለ ሱቁ እጅ ይወጣል። የተመረጠው የ39 ቁጥር ገጽ ሊሆን ይችላል፤ 43 ቁጥር የሚፈልግ ሰው ውጤቱ ላይ «39 ቁጥር» የሚል ርዕስ አይቶ ያልፈዋል። ከሌላ ቦታ የሚመጡ አገናኞችም በ21 አድራሻ ተበታትነው አንዱም በቅጡ ሳይጠነክር ይቀራል።

ስለዚህ ከርዕሱ በፊት የሚወሰነው የገጹ ጉዳይ ነው። መለኪያው ሁለት ጥያቄ ነው፦ ሰው በፍለጋ ላይ ያንን ልዩነት ስሙን ጠርቶ ይጽፋል ወይ? ገጹ ሲከፈትስ ከወንድሙ የተለየ ነገር ያሳያል ወይ? ለጫማው ቀለም ሁለቱንም ያልፋል። «ቡኒ ሞካሲን» ብሎ የሚፈልግ ሰው አለ፤ የቡኒው ፎቶም ከጥቁሩ ይለያል። ቁጥር ግን ሁለተኛውን አያልፍም፤ 41 እና 42 ጎን ለጎን ቢቀመጡ በፎቶ አይለዩም። ቁጥሩ በቀለሙ ገጽ ላይ በምርጫ ቁልፍ ይቀመጣል፤ 21 የነበረው ወደ 3 ይወርዳል።

ይህ ግን ለዕቃ ሁሉ አይሠራም። ፍራሽ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ገዢው አልጋውን ለክቶ «120 በ190» ብሎ ይጽፋል፣ ዋጋውም በልኩ ይለያያል፤ የጨርቁን ቀለም የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እዚያ ገጽና ርዕስ የሚገባው ልኩ ነው።

ገጾቹ ሦስት ከሆኑ በኋላ የርዕሱ አሠራር ይህን ይመስላል፦

```
<title>ቡኒ የወንድ የቆዳ ሞካሲን ጫማ | የሱቁ ስም</title>
<link rel="canonical" href="https://example.com/moccasin/brown">
```

የሚለየው ቃል ከፊት ነው። በአማርኛ ቅጽል ከስም ስለሚቀድም አቀማመጡ ሳይጎረብጥ ይነበባል፤ ጥቅሙ ደግሞ በስልክ ላይ ይታያል። ረጅም ርዕስ በስክሪኑ ስፋት ልክ ከኋላው ይቆረጣል፤ ቀለሙ ከሱቁ ስም ኋላ ከተሰደረ ሦስቱም ውጤቶች አንድ ዓይነት ሆነው ይቀራሉ። ከፊት ከሆነ የሚቆረጠው የሱቁ ስም ነው፣ እሱም ሦስቱም ላይ ያው ነው። በገጹ አናት ላይ በትልቁ የሚነበበው `<h1>` ርዕስም ያንኑ ቀለም መጥራት አለበት፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ጎግል የራሱን ርዕስ አቀናብሮ ሊያሳይ ይችላል።

ቁጥሩን «ከ39 እስከ 45» ብሎ ርዕስ ውስጥ መክተት ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፤ 39 እና 45 ተሸጠው ያለቁ ዕለት ግን ርዕሱ ውሸት ይናገራል። በየጊዜው የሚያልቅና የሚሞላ ነገር ቦታው የገጹ አካል እንጂ ርዕሱ አይደለም።

ከላይ በኮዱ የታየው ሁለተኛ መስመር የገጹን ዋና አድራሻ ይናገራል። ምልክቱን ጎግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት በ2009 በጋራ ያስተዋወቁት ነው። ገዢው 41 ቁጥርን ሲመርጥ አድራሻው `/moccasin/brown?size=41` ሊሆን ይችላል፤ የዚህም ዋና አድራሻ `/moccasin/brown` ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ሱቆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለቡኒው ገጽ ተጨንቀው ርዕስ ያወጡለትና ዋና አድራሻውን ወደ ጥቁሩ ያመለክታሉ። ያ ማለት «ይህን ገጽ ተወው፣ ያንን አሳይ» ማለት ነው፤ ጎግል ቃሉን ከተቀበለ የቡኒው ርዕስ በፍለጋ ላይ አይታይም። የራሱ ርዕስ የተሰጠው ገጽ ዋና አድራሻውም የራሱ መሆን አለበት። ምልክቱ ደግሞ ትእዛዝ ሳይሆን ጥቆማ ነው፤ ሁለት ገጾች ከርዕሱ በቀር አንድ ከሆኑ ጎግል ጥቆማውን አልፎ የፈቀደውን ሊመርጥ ይችላል። ርዕስ ብቻውን ገጽን አይለይም፤ የቡኒው ገጽ የቡኒውን ፎቶና የዚያን ቆዳ መግለጫ ሊይዝ ይገባል።

ሌላው የስህተት ምንጭ ርዕሱ የሚሞላበት መዝገብ ነው። አንዱ ሠራተኛ «ቡኒ»፣ ሌላው «ቡናማ»፣ ሦስተኛው «ብራውን» ብሎ ካስገባ ሶፍትዌሩ ለአንድ ቀለም ሦስት ገጽ ይከፍታል። ሠራተኛው ከዝርዝር እንዲመርጥ እንጂ እንዳሻው እንዳይጽፍ ማድረግ መፍትሔው ነው። ለርዕሱ ገዢዎች የሚጠቀሙበት አንዱ ስም ይመረጣል፤ ሌላው አጠራር በመግለጫው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

መንትያ ገጽ መኖሩ በጎግል ሰርች ኮንሶል ይታወቃል። የገጾች ሪፖርት ውስጥ `Duplicate, Google chose different canonical than user` የሚል ረድፍ ካለ፣ ጎግል ባለ ሱቁ ከጠቆመው ሌላ አድራሻ መርጧል ማለት ነው። አንዱን አድራሻ እዚያው ሲመረምሩት የተመረጠው የትኛው እንደሆነ ይነበባል። የቡኒው ገጽ ተመርምሮ የጥቁሩ አድራሻ ከወጣ፣ ሁለቱ ገጾች በይዘት አልተለያዩም።

በጎግል የንግድ ዝርዝር፣ በመርቻንት ሴንተር፣ ሕጉ ይገለበጣል። እዚያ እያንዳንዱ ረድፍ የሚሸጠው አንድ ዕቃ ስለሆነ 21ዱም ለየብቻ ይገባሉ፤ እስከ 150 ፊደል በሚፈቀደው ርዕሳቸው ላይም ቀለሙና ቁጥሩ አብረው ይጻፋሉ፦ «ቡኒ የወንድ የቆዳ ሞካሲን ጫማ፣ 41 ቁጥር»። አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን የሚናገረው ሁሉም የሚጋሩት `item_group_id` ነው። የረድፉ አገናኝ ግን 41 ቁጥር አስቀድሞ ወደ ተመረጠበት የቡኒው ገጽ ይወስዳል፤ ለዚህ ሲባል አዲስ ገጽ አይከፈትም።

21 ገጽ አስቀድሞ የከፈተ ሱቅ የቁጥር ገጾቹን ዝም ብሎ ማጥፋት የለበትም። የቡኒዎቹ ሰባት አድራሻዎች በ301 ወደ ቡኒው ገጽ ይዞራሉ፣ የጥቁሮቹና የወይን ጠጆቹም እንዲሁ። ሁሉንም ወደ ሱቁ መግቢያ ገጽ ማዞር ግን አይጠቅምም፤ ቡኒ ሞካሲን ፈልጎ የመጣ ሰው ከነጭራሹ ሌላ ገጽ ላይ ያርፋል፣ ጎግልም እንዲህ ያለውን ማዞር እንደ ጠፋ ገጽ ሊቆጥረው ይችላል።