ለኑግ መጭመቂያ ሞተርና ጊርቦክስ ፕሮፎርማ ሲጠየቅ

«ባለ 15 ኪሎዋት ሞተር ከነጊርቦክሱ፣ ለዘይት መጭመቂያ፤ ፕሮፎርማ ይላኩልን።» ከትንሽ መጭመቂያ ቤት ለአቅራቢ የሚሄደው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ከዚህ አያልፍም። አቅራቢው ዋጋ ይልካል፤ ጊርቦክሱ ግን ለማጓጓዣ ቺንጋ የሚበቃ፣ ለኑግ የማይችል ሊሆን ይችላል። ጊርቦክስ የሚመረጠው በሞተሩ ጉልበት ብቻ ሳይሆን መጭመቂያው ዘንግ ላይ በሚያርፈው ጠምዛዥ ኃይል ነውና።

ይህን ኃይል ለማወቅ ያለው ማሽን ይበቃል። ባሕር ዳር ላይ ያለ አንድ መጭመቂያ ቤት እናስብ። ኑጉ በደንብ እየገባ ሳለ ኤሌክትሪሺያኑ ከሦስቱ የሞተር ገመዶች በአንዱ ላይ ክላምፕ ሜትር ያስገባና 22 አምፔር ያነባል። በ380 ቮልት ስሪ ፌዝ ይህ 12 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ሞተሩ የሚያባክነው ሲቀነስ 11 ይቀራል። መጭመቂያው ዘንግ በደቂቃ 40 ጊዜ ይዞራል እንበል። 9550 በ11 ተባዝቶ ለ40 ሲካፈል ወደ 2,600 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ደብዳቤው ላይ መጀመሪያ የሚሰፍረው ቁጥር ይኸው ነው።

ይህ ግን የደህና ቀን ሸክም ነው። ከኑጉ ጋር ጠጠር ይገባል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው። ዘንጉ ይቆማል፤ በርሜሉ ውስጥ የቀረው ፋጉሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል። መብራቱ ሲመጣ ሠራተኛው በርሜሉን ሳያጸዳ ቁልፉን ይጫናል። በቀጥታ የሚነሳ ሞተር በዚያች ቅጽበት ከመደበኛው ሁለት እጥፍ በላይ ይጠመዝዛል፤ ያንን ሁሉ የሚቀበለው የጊርቦክሱ ጥርስ ነው። ስለዚህ አቅራቢው የሥራውን ሰዓትና «ሞልቶ ሊነሳ ይችላል» የሚለውን ማወቅ አለበት። ለእንዲህ ያለ ሥራ ሸክሙን በ1.75 አባዝቶ፣ 4,600 ኒውተን ሜትር የሚችል ጊርቦክስ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ብዙ ደብዳቤዎች የሚዘሉት ሌላ ነገር አለ። ዘንጉ ኑጉን ወደ ፊት ሲገፋ ራሱ ወደ ኋላ ይገፋል። ይህን ግፊት የመጭመቂያው የራሱ ኩሽኔታ ይሸከመዋል ወይስ ጊርቦክሱ ላይ ያርፋል? ካልተገለጸ አቅራቢው ግፊት የለም ብሎ ያስባል፤ የጊርቦክሱ ኩሽኔታም ቶሎ ይንኳኳል፣ የዘይት ማቀቢያውም ያፈሳል።

ከፍታው አንድ መስመር ይበቃዋል። ሞተሮች በአብዛኛው የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ታስቦ ነው፤ ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተሩ በቀላሉ አይቀዘቅዝም። 11 ኪሎዋት ለሚፈልግ ሥራ 15 መጠየቁ ታዲያ ቅንጦት አይደለም።

መልሱ ሲመጣ ከዋጋው በፊት የጊርቦክሱ ዓይነት ይታይ። 1,460 ዙርን ወደ 40 ለማውረድ አንዱ በትል ማርሽ፣ ሌላው በገደድ ጥርስ ማርሽ ሊያቀርብ ይችላል። የትል ማርሹ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ይሁንና በዚህ ያህል ቅነሳ ከገባው ኃይል ሩቡን ያህል ወደ ሙቀት ሊለውጥ ይችላል። ልዩነቱ በየወሩ የመብራት ሒሳብ ላይ ይወጣል።