64 አልማዝ እንዴት 128 ይሆናል?

ማይንክራፍት በተባለው ጌም ተጫዋቹ የሰበሰበውን ዕቃ የሚያስቀምጠው በትንንሽ ክፍሎች ነው። አንዱ ክፍል እስከ 64 አልማዝ ይይዛል። በዚህም ሆነ በሌሎች የኢንተርኔት ጌሞች ዕቃን በማውስ እየጎተቱ ከክፍል ወደ ክፍል በፍጥነት ሲያዘዋውሩ፣ አንዳንዴ ያው ዕቃ በአሮጌውም በአዲሱም ክፍል ይታያል።

ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ መለየት ያለበት ነገር አለ፦ ዕቃው በእርግጥ ተባዝቷል ወይስ ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው? ብዙ ጌሞች እጅ ሲንቀሳቀስ ዕቃውም አብሮ እንዲንቀሳቀስ ሲሉ፣ የሰርቨሩን መልስ ሳይጠብቁ ለውጡን ወዲያው ያሳያሉ። ስክሪኑና ሰርቨሩ ካልተስማሙ የሌለ ዕቃ ያለ መስሎ ይታያል። ከጌሙ ወጥቶ ተመልሶ መግባት ይህን ያጣራል፤ ትርፉ ዕቃ ከጠፋ መጀመሪያውኑ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ አልነበረም።

ተመልሶ ሲገባም ካልጠፋ ግን ስህተቱ ሰርቨሩ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጌም እናስብ። ሰርቨሩ ዕቃ ሲያዘዋውር መጀመሪያ አሮጌውን ክፍል ያያል፣ ከዚያ አዲሱ ላይ ይጽፋል፣ ዳታቤዙ እስኪመዘግብ ጠብቆ በመጨረሻ አሮጌውን ይሰርዛል። መመዝገቡ 80 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል። ተጫዋቹ በ3ኛው ክፍል ያሉትን 64 አልማዞች ወደ 9ኛው ይጎትታል። በዚህ ጌም ስክሪኑ የሚለወጠው መልስ ሲመጣ ስለሆነ፣ አልማዞቹ አልተነሱም ብሎ ወዲያው ወደ 10ኛው ይጎትታቸዋል። ሁለተኛው ትእዛዝ ሲደርስ 80ው ሚሊሰከንድ አላለቀም፤ ሰርቨሩም 3ኛውን ሲያይ 64 አልማዝ እዚያው ያገኛል። ስለዚህ 10ኛው ላይም ይጽፋል። በመጨረሻ ሁለቱም ትእዛዞች 3ኛውን ክፍል ይሰርዛሉ። ባዶ የሆነውን ደግሞ መሰረዝ ምንም ቅሬታ አያስነሳም። ተጫዋቹ 128 አልማዝ ይዞ ይቀራል።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው የመጀመሪያ ሐሳብ፣ መልስ እስኪመጣ ስክሪኑ ላይ ክፍሉን መቆለፍ ነው። ይህ በቅን ልቦና ለሚጫወተው ሰው ይጠቅማል፤ ብዜቱን ግን አያቆምም። የጌሙን ፕሮግራም የነካካ ተጫዋች ሁለቱን ትእዛዞች ያለ ስክሪን በቀጥታ ሊልክ ይችላል። መፍትሔው ሰርቨሩ ላይ መሠራት አለበት፦ ማየቱ፣ መጻፉና መሰረዙ ሌላ ትእዛዝ በመካከል ሊገባበት የማይችል አንድ ሥራ ይሁን። ያኔ ሁለተኛው ትእዛዝ 3ኛውን ክፍል ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፣ ውድቅም ይደረጋል። ሰርቨሩ ከእያንዳንዱ ዝውውር በፊትና በኋላ ጠቅላላ ቁጥሩን ቢያነጻጽር ደግሞ 64ቱ 128 በሆኑበት ቅጽበት ስህተቱ ይያዛል።

ሳይያዝ ከቆየ ማስተካከሉ ከባድ ነው። አልማዙ ተሸጦ ሌላ ዕቃ ሊገዛበት ይችላል፤ ዕቃዎቹም የየራሳቸው መለያ ቁጥር ከሌላቸው ትክክለኛውን ከተባዛው መለየት አይቻልም። የቀረው አማራጭ የሁሉንም ተጫዋቾች መዝገብ ስህተቱ ወዳልነበረበት ሰዓት መመለስ ይሆናል፤ ምንም ያላጠፋውም ተጫዋች ከዚያ በኋላ የለፋበትን አብሮ ያጣል።