ለሙስሊም ባልደረባ የሐዘን ደብዳቤ

ክርስቲያን ጓደኛ ብዕር ሲያነሣ መጀመሪያ የሚመጣለት «ነፍስ ይማር» ነው። ነውር የለውም፤ ሐዘንተኛው በለመደው ቃል መጻፍ ግን ይበልጥ ያጽናናል። አባቱ ላረፈበት የቢሮ ባልደረባ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ወንድሜ፣ የአባትህን ማረፍ ሰምቼ በጣም አዘንኩ። ቤታችሁ ስመጣ ‹ልጄ› እያሉ ያስቀምጡኝ ነበር። አላህ ይዘንላቸው፤ ለአንተና ለእናትህ ሶብሩን ይስጣችሁ። የወሩን ሪፖርት እኔ እጨርሰዋለሁ፤ አታስብ።»

ከሁሉ የሚጠቅመው፣ በእኔ እይታ፣ የሪፖርቱ ነገር ነው። ተዝካርን ማንሣት አያስፈልግም፤ የክርስቲያን ሥርዓት ነውና። መዘግየትም አይገባም፦ ቀብሩ አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ይፈጸማል፤ ሐዘን የመድረሻው ጊዜም በተለምዶ ሦስት ቀን ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በሦስቱ ቀን ውስጥ ይድረስ።