የሩቅ ባለቤትና የወር ሒሳብ

ቤቱን አከራይቶ በሩቅ አገር የሚኖር ሰው ንብረቱን የሚያየው ወኪሉ በየወሩ በሚልክለት ወረቀት ነው። ወኪል የተቀበለውን ገንዘብና የፈጸመውን ሥራ ለወካዩ ማስረዳት እንዳለበት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አዝዟል። ነገር ግን ሒሳብ ማቅረብ አንድ ነገር ነው፤ ሒሳቡ እውነቱን እንዲያሳይ አድርጎ መጻፍ ደግሞ ሌላ ነው።

ለምሳሌ ያህል፥ አንድ በጅዳ የሚኖር ነጋዴ በአዲስ አበባ ባለ ፎቅ ቤት አለው እንበል። በምድር ቤቱ አራት ሱቆች አሉ፤ የእያንዳንዱም የወር ኪራይ 13,000 ብር ነው። በላይ ያሉት ስምንት የመኖሪያ ክፍሎች ደግሞ በየወሩ 6,000 ብር ይከራያሉ። ቤቱ ሁሉ ተከራይቶ ሁሉም ቢከፍል የወሩ ገቢ 100,000 ብር ይሆናል። ወኪሉም ስለ ኅዳር ወር ሲጽፍ፥ «የተሰበሰበ 100,000 ብር» ብሎ ላከ። ባለቤቱ ይህን ቢያነብ ቤቱ ሞልቷል፥ ባለዕዳም የለም ብሎ ደስ ይለዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አልነበረም።

ከመኖሪያ ክፍሎቹ አንዱ ባዶ ስለ ነበረ ለኅዳር መከፈል የሚገባው 94,000 ብር ብቻ ነው። ከዚህም ውስጥ አንድ ሱቅና አንድ የመኖሪያ ክፍል የወሩን ኪራይ ስላልከፈሉ ለኅዳር የገባው 75,000 ብር ሆነ። የቀረው 25,000 ብር ከሌላ ወር የመጣ ነው። 13,000 ብሩን ያ ኅዳርን ያልከፈለው ባለ ሱቅ ለመስከረም ውዝፍ ሰጠ፤ 12,000 ብሩን ደግሞ አንድ ተከራይ የታኅሣሥንና የጥርን ኪራይ አስቀድሞ ከፈለ። ይህ ሁለተኛው ገንዘብ በእጅ ቢገባም ገና ያልተገኘ ገቢ ነው፤ በሚመጡት ሁለት ወራት ከዚያ ክፍል አንድ ብር አይገባምና።

ስለዚህ ወረቀቱ መጀመር ያለበት ከተሰበሰበው ሳይሆን መከፈል ከሚገባው ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ መስመር ይሰጠዋል፤ በዚያም ላይ የወሩ ኪራይ፥ የተከፈለው፥ የተከፈለውም ለየትኛው ወር እንደ ሆነ ይጻፋል። ውዝፉም በዚሁ ይፈተናል። ከወሩ በፊት የነበረው ዕዳ የባለ ሱቁ የመስከረምና የጥቅምት 26,000 ብር ነበረ። በዚህ ላይ የኅዳር 94,000 ሲደመርና ለውዝፍና ለኅዳር የተከፈለው 88,000 ሲቀነስ 32,000 ብር ይቀራል። የስም ዝርዝሩ ድምር ከዚህ ቁጥር ጋር ካልተስማማ አንድ ደረሰኝ ጠፍቷል፥ ወይም በሌላ ወር ተመዝግቧል ማለት ነው።

ባለ ሱቁ በየጊዜው ጥቂት ስለሚከፍል መልካም ተከራይ ይመስላል፤ ዕዳው ግን ሁልጊዜ የሁለት ወር ነው። የውዝፉ ዕድሜ ካልተጻፈ ይህ አይታወቅም።

ጥገናና ባዶ ክፍልም ተለያይተው መነበብ የለባቸውም። ወኪሉ «የቧንቧ ጥገና 3,000 ብር» ብሎ ጻፈ፤ በሌላ ገጽም «አንድ ክፍል ባዶ» አለ። የቀደሙት ወረቀቶች ሲገለጡ ግን በሐምሌና በመስከረምም ለዚያው መታጠቢያ ቤት ቧንቧ በየጊዜው 3,000 ብር ወጥቷል። ውኃው ከታች ያለውን ክፍል ግድግዳ ስላራሰው ተከራዩ በጥቅምት መጨረሻ ለቀቀ። ለሦስት ጊዜ መጠጋገኛ 9,000 ብር፥ ከቀረው የአንድ ወር ኪራይ 6,000 ብር ጋር 15,000 ብር ሆነ፤ ቧንቧውን በሙሉ መለወጥ ግን 14,000 ብር ይበቃው ነበር። ስለዚህ በጥገና መስመር የክፍሉ ቁጥር፥ የብልሽቱ ምክንያትና ደረሰኙ፥ በባዶ ክፍል መስመር ደግሞ የተለቀቀበት ቀንና ምክንያቱ ሊጻፍ ይገባል።

በመጨረሻም ለጥበቃና ለመብራት 8,000፥ ለጥገና 3,000፥ ለወኪሉ ዋጋ 5,000 ብር ሲነሣ በባንክ 84,000 ብር ይገኛል። ከዚህ ውስጥ ቅድሚያ የተከፈለው 12,000 ብር እስከ ወሩ ድረስ ሊነካ ስለማይገባው ባለቤቱ በነጻነት የሚያዝበት 72,000 ብር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል፥ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ስለ ደነገገ የባንኩን ዝርዝር ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት ቀላል ሆኗል።

ባለቤቱ ይህን ሁሉ ካየ በኋላ የሚጽፈው መልስ አጭር ነው፤ ቧንቧው ይለወጥ፥ ባለ ሱቁም ውዝፉን የሚጨርስበትን ቀን በጽሑፍ ይስጥ። ወኪሉ ይህን ለመፈጸም አዲስ ሥልጣን አያሻውም። በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና ንብረትን መጠበቅን፥ ዕዳ መሰብሰብንና ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየትን ይፈቅዳልና። ቤቱን መሸጥ ወይም በዋስትና ማስያዝ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል።