ሰጠ ወይስ ሸጠ? ከመጽሐፍ ገበታ የተላቀቀን የእጅ ጽሑፍ ማስታወሻ ስለ መገልበጥ

ዛሬ የማቀርብላችሁ ጉዳይ ራሴ በሠራሁት ስሕተት ይጀምራል።

ገና ወጣት ተመራማሪ ሳለሁ አንድ ቤተሰብ ከአያቶቹ የወረሰውን የብራና ዳዊት እንድመለከት ጋበዘኝ። በኋለኛው ገበታ የውስጥ ፊት ላይ አንድ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፎ ኖሮ፣ ነቀዝ በሙጫው ሥር ስለ ገባ መጽሐፉን የጠገነው ባለሙያ አርጥቦ አላቅቆታል። ወረቀቱ ለብቻው በፖስታ ውስጥ ደረሰኝ። በላዩ ላይ መጽሐፉ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ የሚናገር አጭር ማስታወሻ በአማርኛ ተጽፏል። በአንድ ከሰዓት ገልብጬ፣ በታይፕ አስመትቼ ለቤተሰቡ ሰጠሁ። «እገሌ ይህን ዳዊት ለእገሌ ሸጠ» ይል ነበር ቅጂዬ። ስሞቹን እዚህ አልጠቅስም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ከዚያው ቤተሰብ አንድ ሰው ያንኑ ወረቀት፣ በፎቶ ኮፒ ብዛት የደበዘዘውን፣ ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። የሁለቱ ሰዎች የልጅ ልጆች በመጽሐፉ ተጣልተዋል። አንደኛው ወገን «አያታችን ገዝቶታል» ይላል፤ ሌላው «በአደራ የተሰጠ ነው» ይላል። የመጀመሪያው ወገን ማስረጃ የእኔ አንዲት ቃል ነበረች።

ዋናውን ቁራጭ እንደገና ባየሁት ጊዜ ያፈርሁበትን ነገር ልንገራችሁ። በወረቀቱ ላይ ያለው «ሰጠ» ነው ወይስ «ሸጠ» ነው ብሎ መቁረጥ አይቻልም። የሁለቱ ልዩነት በሰ ራስ ላይ ያለችው አንዲት አጭር ጭረት ናት። በዚያች ስፍራ የወረቀቱ ገጽ ተልጧል። እኔ ግን በቀጣዩ መስመር ላይ «ብር» የሚል ስላየሁ፣ ጭረቷን ዓይኔ ሳያያት አእምሮዬ ጨመራት።

ማስታወሻው በአንደኛ መደብ ቢጻፍ ኖሮ ችግሩ ባልተፈጠረ ነበር። የሰጠ ሰው «ሰጠሁ» ይላል፣ የሸጠ ሰው ደግሞ «ሸጥሁ»፤ ስለዚህ ጠ ወይም ጥ መሆኗ ብቻ ይፈርድልን ነበር። «ሰጥቶ» እና «ሸጦ» ቢሆንም እንደዚያው። በሦስተኛ መደብ ግን ሰጠና ሸጠ፣ በአክብሮትም ሰጡና ሸጡ፣ ከጭረቷ በቀር አንድ ናቸው።

«ጭረቷ ካልታየች ሰጠ ነው ማለት አይደለምን?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። በጥላሸት የሚዘጋጀው የአገራችን ጥቁር ቀለም በወረቀቱ ፊት ላይ ያርፋል እንጂ ወደ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም። ስለዚህ ገጹ ሲላጥ ወይም በርጥበት ሲላላ ቀለሙ ያለ ምልክት ሊሄድ ይችላል። የጭረቷ አለመታየት ማስረጃ የሚሆነው ወረቀቱ በዚያ ቦታ ጤነኛ ሲሆን ብቻ ነው። ጸሐፊው ጭረት የመዝለል ልማድ እንዳለውም መመርመር ይገባል። በዚሁ ማስታወሻ «ዳኛ» እና «ልጅ» የሚሉት ቃላት ጭረታቸውን ይዘው ተጽፈዋል፤ ስለዚህ ሰውየው ጠንቃቃ ነው። ይህ ግን የተላጠውን ቦታ አይመልስልንም።

«ብር» ያልሁትስ? ከፊቱ ነቀዝ የበላው ቀዳዳ አለ። የቃላት መለያ የሆኑት ሁለት ነጥቦች ከብ በፊት ቢታዩ ኖሮ ቃሉ ከብ እንደሚጀምር እናውቅ ነበር። ነጥቦቹ የሉም። ስለዚህ «ብር» ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ የ«ክብር» ወይም የ«ግብር» ጅራትም ሊሆን ይችላል። የሽያጩ ምስክር ብዬ የተደገፍሁበት ቃል ራሱ ምስክር የሚያሻው ሆኖ ተገኘ።

በሁለተኛው ጊዜ እንዴት እንደ ገለበጥሁት በዝርዝር ልናገር። መጀመሪያ ወረቀቱ የት እንደ ነበረ ጻፍሁ፤ የትኛው ገበታ፣ የትኛው ጎን ወደ ላይ፣ የትኛው ፊት ወደ ብራናው። ከቦታው የተላቀቀ ጽሑፍ ይህን መረጃ በራሱ ይዞ አይዞርም። መረጃው ወዲያው ጠቀመኝ፤ የተጻፈበት ፊት ለብዙ ዘመን በመጨረሻው ቅጠል ላይ ተጭኖ ስለ ኖረ፣ በብራናው ላይ የፊደላቱ ጥላ ተገልብጦ ቀርቷል። በመስታወት አነበብሁት። ከአከራካሪው ፊደል በላይ ቀጭን ጥቁር ነገር ይታያል። ነገር ግን በዙሪያው ተመሳሳይ የነቀዝ ጠብታዎች አሉና ጭረት ነው ብዬ አልማልም።

ቀጥሎ በእርሳስ፣ መስመርን በመስመር ጠብቄ ገለበጥሁ። በእጅ መገልበጥን የምመርጠው ለዚህ ነው፤ የኮምፒውተር ቁልፍ ሰ ወይም ሸ እንድል ያስገድደኛል፣ እርሳሴ ግን የታየውን ያህል ብቻ ስሎ ሊያቆም ይችላል። ከዚያም ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው እየተመለስሁ አስተያየሁ። ወደ ኋላ ሲነበብ ሐሳቡ ስለሚበተን ዓይን የሌለውን ለመሙላት አይቸኩልም።

የተጠቀምሁባቸው ምልክቶች ሦስት ብቻ ናቸው። የምጠራጠረው ፊደል ከሥሩ ነጥብ ይደረግበታል፤ በዚህ የድረ ገጽ ቅጂ ላይ ነጥቧ ስለማትመች በጥያቄ ምልክት ተክቻታለሁ። ፈጽሞ የጠፋ ነገር በባለማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ይገባል። በቅንፉ ውስጥ ያሉት ነጥቦች የጠፉትን ፊደላት ግምታዊ ቁጥር ያሳያሉ። የጥንታዊ ጽሑፍ አጥኚዎች በ1931 እ.ኤ.አ. በላይደን የተስማሙበት ሥርዓት ከዚህ የሰፋ ነው፤ ለአንድ ቁራጭ ወረቀት ግን ይህ ይበቃል። ውጤቱ እንዲህ ሆነ፦

እገሌ ፡ ይህን ፡ ዳዊት ፡ ለእገሌ ፡ [....] ሰ?ጠ ፡
[..]ብር ፡
በዘመነ ፡ ማቴዎስ ፡ በ፲፰፻፺፯? ፡ ዓመተ ፡ ምሕረት

አራቱ ነጥቦች በልክ የመጡ ናቸው። ጸሐፊው በ4 ሴንቲ ሜትር ውስጥ በአማካይ 8 ፊደል ያሰፍራል፤ ቀዳዳው 2 ሴንቲ ሜትር ነው። «በአደራ» የሚለው ቃል በዚያ ቦታ ልክ ይገባል! አንደኛው ወገን ይህን ቢሰማ ደስ ባለው። ነገር ግን አራት ፊደል ያለው ቃል ብዙ ነው፤ መግባት መቻልና መኖር ይለያያሉ። ስለዚህ ቅንፉ ባዶ ቀረ።

ዓመቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ፮ እና ፯ በእጅ ጽሑፍ በቀላሉ ይምታታሉ፤ እዚህም የቁጥሩ የታች ክፍል ደብዝዟል። ደግነቱ ማቴዎስ የሚለው ቃል ጥርት ብሎ ይነበባል። በባሕረ ሐሳብ ደንብ 5500ን በዓመተ ምሕረቱ ላይ ደምረን ለአራት እናካፍላለን፤ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ዮሐንስ ነው። 1896 ሲደመር 7396 ይሆናል፣ ምንም አይተርፍም፤ ዮሐንስ ነው። 1897 ግን 7397 ሆኖ 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ ጸሐፊው ወንጌላዊውን ካልሳተ ዓመቱ 1897 ነው። ይሁን እንጂ ምልክቱን ከፊደሉ ላይ አላነሣሁም። ስሌቱን ከግርጌ ጻፍሁት፤ ምክንያቱም 7 መሆኑን ያወቅሁት በስሌት እንጂ በዓይኔ አይደለም።

አዲሱን ቅጂ ይዤ ወደ ቤተሰቡ ሄድሁ። የቀድሞው ስሕተት መሆኑንም በላዩ ላይ በፊርማዬ አስፍሬ ነበር። አንድ ሽማግሌ አባት ምልክቶቹን ካስረዳኋቸው በኋላ ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱና «ታዲያ ልጄ፣ ሸጠው ወይስ ሰጠው?» አሉኝ። «አባቴ፣ ወረቀቱ አይናገርም» አልኋቸው። «የፊተኛው ግን ይናገር ነበር» አሉ። አዎን፤ ያን ጊዜ የተናገርሁት እኔ ነበርሁ አልኋቸው።