ከከባዱ የሕክምና መጽሐፍ ጎን የሚቀመጡ ሁለት ቀጫጭን መጻሕፍት

የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ በጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የሕሙማን ክፍሎች መማር ሲጀምር፣ የሚያነባቸው መጻሕፍት ክብደት ይጨምራል። ለውስጥ ደዌ ሃሪሰን፣ ለቀዶ ሕክምና ቤይሊ እና ለቭ፣ ለሕጻናት ኔልሰን፣ ለማህፀንና ጽንስ ዊሊያምስ ይጠብቁታል። እነዚህ መጻሕፍት በሽታን በየዓይነቱ ከፍለው ያስረዳሉ፤ በሽተኛው አልጋ አጠገብ የሚቆመውን ጀማሪ ሐኪም ግን አያሳዩም። ይህን የሚያሳዩ፣ ለፈተና ሳይሆን እንደ ታሪክ የሚነበቡ ሌሎች መጻሕፍት አሉ።

ከነዚህ አንዱ የሩሲያዊው ደራሲ ሚኻይል ቡልጋኮቭ የገጠር ሐኪም ታሪኮች ስብስብ ነው። ቡልጋኮቭ ራሱ ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1916 እንደ ተመረቀ በስሞሌንስክ ግዛት በሚገኝ ሩቅ የገጠር ሆስፒታል ተመድቦ ሠርቷል። ታሪኮቹ በአብዛኛው በ1925 እና 1926 በአንድ የሕክምና ጋዜጣ ታትመዋል።

በአንደኛው ታሪክ ወጣቱ ሐኪም ምጥ ወደ ያዛት እናት ይጠራል። ፅንሱ በማህፀን ውስጥ አግድም ተኝቷል። ሐኪሙ ሲጋራ ሊያመጣ እንደ ሄደ አስመስሎ ወደ መኖሪያው ይሮጥና የማዋለድ መጽሐፉን ይገልጣል። ባነበበ ቁጥር ግን ቃላቱ ይበልጥ ይደናገሩበታል። ተመልሶ እጁን ሲታጠብ፣ ልምድ ያላት አዋላጅ ከእርሱ በፊት የነበረው ሐኪም ፅንሱን እንዴት ያዞር እንደ ነበር ትተርክለታለች። በዚያች አጭር ጊዜ የሰማው፣ እስከዚያ ካነበበው ሁሉ በላይ ይጠቅመዋል። ሕጻኑ በሕይወት ይወለዳል። ሐኪሙም ሌሊቱን ያንኑ መጽሐፍ መልሶ ሲገልጥ፣ ጨለማ ሆኖበት የነበረው ሁሉ ግልጽ ይሆንለታል።

የታሪኩ ጥቅም በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው። መማሪያ መጽሐፉ ስሕተት አልነበረበትም፤ አንባቢው ቃሉን ከእጅ ሥራ ጋር ገና አላገናኘውም ነበር። ስለዚህ ታሪኩ ተማሪውን ከመማሪያ መጽሐፉ አያርቀውም፤ በሽተኛውን ካየ በኋላ ያንኑ ምዕራፍ ደግሞ እንዲያነብና አዋላጇን ሳያፍር እንዲጠይቅ ያስተምረዋል።

ሁለተኛው መጽሐፍ የተጻፈው ከኢትዮጵያ ልምድ ነው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። የሕይወት ታሪካቸው «በወንዙ ዳር ያለው ሆስፒታል» በሚል ትርጉም ባለው ርእስ በ2001 በእንግሊዝኛ ታትሟል።

መማሪያ መጽሐፍ የወሊድ ፊስቱላን በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ይገልጻል። ምጥ ሳይፈታ ለቀናት ሲቆይ፣ የሕጻኑ ራስ የሽንት ፊኛን ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል፤ ደም ያጣው አካል ይሞትና ቀዳዳ ይተዋል፤ ሽንትም ያለማቋረጥ ይፈስሳል። የሃምሊን መጽሐፍ በእነዚያ ቀናት ውስጥ እናቲቱ የት እንደ ነበረች፣ ምን ያህል መንገድ እንደ ተጓዘች፣ ከዚያም በኋላ ከሰው እንዴት እንደ ተገለለች ያሳያል።

ይህ በባሌ ደጋ የራቀ ወሬ አይደለም። ከደሎ መና ወደ ጎባ የሚያመጣው መንገድ ከ4 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ያለውን የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። መጽሐፉን ያነበበ ተማሪ የእናቲቱን ታሪክ ሲወስድ ምጡ መቼ እንደ ጀመረ ብቻ ሳይሆን፣ ከቤት መቼ እንደ ወጣች፣ በምን እንደ መጣች፣ በመንገድ ላይም ስንት ሰዓት እንደ ቆየች ይጠይቃል። የሚያገኘው መልስ የአደጋውን መጠን ይነግረዋል።

እነዚህ መጻሕፍት ግን ወሰን አላቸው። የቡልጋኮቭ ሐኪም እጁን ወደ ማህፀን አስገብቶ ፅንሱን በእግሩ የሳበው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ዛሬ በምጥ ላይ ያለች እናት ፅንሷ አግድም ከተኛ በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ትወልዳለች፤ ያ ዘዴ የቀረው በዋናነት መንታን በማዋለድ ጊዜ ለሁለተኛው ልጅ ነው። ከታሪክ መጽሐፍ የመድኃኒት መጠን ወይም የሕክምና ዘዴ የሚቀዳ ተማሪ በሽተኛውን ለጉዳት ይዳርጋል።

ሁለቱን የመጽሐፍ ዓይነቶች ለይቶ ማስቀመጥ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከባዱ መጽሐፍ ቀን በጠረጴዛ ላይ፣ በማስታወሻና በእርሳስ ይነበባል። ቀጭኑ ማታ፣ ያለ ማስታወሻ፣ አንድ ታሪክ ብቻ ቢነበብ ይበቃል። ያነበበው እንደ ጠቀመው ተማሪው የሚያውቀው በማግስቱ ነው፤ ትናንት ያላሰበውን አንድ ጥያቄ ለበሽተኛው ካቀረበ፣ ንባቡ ሥራውን ሠርቷል።