አንዲት ነጥብ ስንት ነገር ትተካለች?

የእንግሊዝኛ መስቀለኛ ቃላት የሚሞላ ሰው አምስት ሣጥን ቀርቶታል እንበል። የመጀመሪያው ኤስ፣ ሦስተኛው ኤ፣ የመጨረሻው ኢ ነው፤ ሁለተኛውና አራተኛው ባዶ ናቸው። ከራሱ ትዝታ ጥቂት ቃላት ያወጣና ይቆማል። የቃላት ዝርዝር ያለው ኮምፒውተር ግን ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦ አንዱንም ሳያስቀር ያመጣለታል።

ዝርዝሩ በየመስመሩ አንድ ቃል ብቻ የተጻፈበት ተራ ፋይል ነው። በማክ ኮምፒውተሮች ላይ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ በብዙ የሊነክስ ኮምፒውተሮች ላይ ግን መጫን ያስፈልጋል። ፈላጊው ደግሞ ኬን ቶምፕሰን በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በቤል ላብራቶሪ የጻፈው `grep` የተባለ ፕሮግራም ነው። ትእዛዙ ይህን ይመስላል፦

```
grep '^s.a.e$' /usr/share/dict/words
```

እያንዳንዷ ነጥብ የአንድ ባዶ ሣጥን ምትክ ናት፤ ማንኛውንም አንድ ፊደል ትቀበላለች፣ ከአንድ በላይ ግን አትቀበልም። መነሻው ላይ ያለው ምልክት «ቃሉ እዚህ ይጀምር»፣ የዶላሩ ምልክት ደግሞ «እዚህ ይለቅ» ማለት ነው። ከሚመጡት መካከል እነዚህ አሉ፦

```
scale  shade  shape  skate  snake
space  spade  spare  stage  state
```

ሁለቱ የዳር ምልክቶች ከተረሱ ፕሮግራሙ አምስቱን ሣጥን በረጅም ቃል ሆድ ውስጥም ይፈልጋል፤ `escape`፣ `landscape` እና `mistake` ሁሉ ይግተለተላሉ። ስለዚህ ከአምስት ፊደል የረዘመ ቃል ካያችሁ ዳሩ እንዳልታሰረ እወቁ። ሌላው ስሕተት በነጥብ ፈንታ የጥያቄ ምልክት መጻፍ ነው። ፋይሎችን በስማቸው ስንፈልግ የጥያቄ ምልክት አንድ ፊደል ይተካል፤ እዚህ ግን ራሱን የጥያቄ ምልክቱን ፈልግ ማለት ይሆናል፣ ውጤቱም ባዶ ነው።

ይህን ዘዴ ወደ አማርኛ ስናመጣው የነጥቧ ትርጉም ይለወጣል፤ እኔን የሚማርከኝም ይኸው ነው። እንግሊዝኛ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ሲጽፍ የእኛ ፊደል ሁለቱንም በአንድ ላይ ይዟል። `words.txt` የተባለ የአማርኛ ዝርዝር አለን እንበል፦

```
grep '^ነ.ር$' words.txt
```

ዝርዝሩ ውስጥ ካሉ ነገር፣ ነበር፣ ነብር ይወጣሉ። «ነበር» እና «ነብር» የሚለያዩት በአናባቢ ብቻ ነው፤ «ነገር» ግን በተነባቢውም ይለያል። ነጥቧ ሁለቱን ልዩነት አንድ ላይ ትውጣለች። ተነባቢውን ይዘን አናባቢውን ብቻ ክፍት መተው ከፈለግን የፊደሉን ቤት በቅንፍ እንዘረዝራለን፦

```
grep '^[ሰሱሲሳሴስሶሷ][በቡቢባቤብቦቧ][ረሩሪራሬርሮሯ]$' words.txt
```

አሁን የተፈለገው አንድ ቃል ሳይሆን ሰ፣ በ፣ ረ የሚለው ሥር ነው። ሰበረ፣ ሰብሮ፣ ሰባሪ፣ ሰባራ፣ ስባሪ፣ ሰበር ሁሉም በዚህ ንድፍ ያልፋሉ። የግስ እርባታን ለሚያጠና ሰው ይህ ከመስቀለኛ ቃላት የላቀ ጥቅም አለው። ነገር ግን «አሰበረ» ወይም «ተሰበረ» አይመጡም፤ ቅጥያው ሌላ ሣጥን ይጨምራልና።

ሞክሼ ፊደላትም አሉ። «ዓለም» ብሎ የጻፈ አለ፣ «አለም» ብሎም የጻፈ አለ። ጆሮ አንድ ያደረጋቸውን ኮምፒውተሩ በቁጥር ስለሚለያቸው ለይቶ ያያቸዋል። ሁሉንም አጻጻፍ የሚሻ ሰው በመጀመሪያው ሣጥን ሁሉንም ይጥቀስ፦

```
grep '^[አኣዐዓ]ለም$' words.txt
```

ብዙ ሰው ተስፋ የሚያስቆርጠው ግን ትእዛዙ ትክክል ሆኖ ምንም ሳይመጣ ሲቀር ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው የኮምፒውተሩ የቋንቋ ቅንብር ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ቅንብሩ `C` ከሆነ ግን ፕሮግራሙ ነጥብን ለአንድ ባይት ይቆጥራታል። እንዲህ ፈትሹት፦

```
echo ነገር | grep '^...$'
```

«ነገር» ከታየ ቅንብሩ ፊደል ይቆጥራል፤ ካልታየ ባይት ይቆጥራል። ሁለተኛው ምክንያት ዝርዝሩ በዊንዶውስ ላይ መዘጋጀቱ ነው፤ በየመስመሩ ጫፍ የማይታይ አንድ ምልክት ይቀራል፣ የዶላሩ ምልክትም ቃሉ አልቋል ብሎ አይቀበልም። ዶላሩን አንሥታችሁ ስትሞክሩ ቃላቱ ከመጡ ጥፋቱ እሱ ነው። ይህ ያጠራዋል፦

```
tr -d '\r' < words.txt > clean.txt
```

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የዝርዝሩ ነገር ነው። ከመዝገበ ቃላት ርእሶች የተሠራ ከሆነ «ሰበረ» ይኖረዋል፣ «ሰብሮ» ግን ላይኖረው ይችላል፤ ከጋዜጣ ጽሑፍ የተለቀመ ከሆነ «ሰብሮ» ይገኝ ይሆናል፣ አብሮት ግን የአጻጻፍ ግድፈትም ይገባል። ለእርባታ ጥናት እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ግድፈቱን በዓይን መልቀም ይቻላል፣ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለን ቃል ግን የትኛውም ንድፍ አያወጣውም።